አንድ እንጨት፣ አንድ ሴሚስተር፦ ጥላና ጨረቃን አብሮ መከታተል

ጥያቄ፦ «የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ለሴሚስተሩ የሥነ ፈለክ ፕሮጀክት ልሰጥ ፈልጌ የጨረቃን ቅርጽ መመዝገብና የጥላን ርዝመት መለካት የሚሉ ሁለት ሐሳቦች ይዣለሁ። ቴሌስኮፕ የለንም። ባለፈው ዓመት ጨረቃን አስያቸው ነበር፤ ግማሹ ክፍል ከመጽሐፍ የገለበጠው ሥዕል ነው የመጣልኝ። የቱን ልምረጥ? እንዴትስ ልሥራው?»

መልስ፦

ሁለቱንም ይያዙ። ግን እኩል አያድርጓቸው። ዋናው ሥራ ጥላው ይሁን፤ ጨረቃዋ ደግሞ ከጎን ትሂድ። ምክንያቴን ልንገርዎት። ጥላ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ በየሳምንቱ እየተጠራቀመ በሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ትልቅ ነገር ያወጣል፤ ተማሪዎችዎ የመሬት ዘንግ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ በአንድ እንጨት ለክተው ይደርሱበታል። መጽሐፍ ላይ 23.4 ዲግሪ ተብሎ የሚጻፈውን ማለቴ ነው። ከግማሽ ዲግሪ ባልበለጠ ስሕተት ሊያገኙት ይችላሉ።

መጀመሪያ ቀኑን እናስተካክል። በዓመት ውስጥ ለዚህ ሥራ ወሳኝ የሆኑ አራት ቀኖች አሉ። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው መስከረም 13 እና መጋቢት 11 አካባቢ ናቸው። ፀሐይ ወደ ደቡብ ጥጓ የምትደርሰው ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ወደ ሰሜን ጥጓ የምትደርሰው ደግሞ ሰኔ 14 አካባቢ ነው። ከዓመት ዓመት አንድ ቀን ሊዛነፉ ይችላሉ። ፕሮጀክቱ አንድ የእኩልነት ቀንና አንድ የጥግ ቀን ካቀፈ በቂ ነው። ስለዚህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ወይም ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያድርጉት። ከታኅሣሥ መግቢያ እስከ ጥር መግቢያ ብቻ ከሠሩ ጥላው እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ልጆቹም «ምንም አልተለወጠም» ብለው ይሰለቻሉ።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። ብዙዎች አንድ ሜትር የሚያህል እንጨት መሬት ላይ ይተክሉና የጥላውን ጫፍ በሜትር ይለካሉ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ችግር ይመጣል። የጥላው ጫፍ የት ነው? ጎንበስ ብለው ቢያዩት ጥላው እየሳሳ፣ እየደበዘዘ ነው የሚያልቀው። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ስለዚህ የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ ጫፍ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብዥታ አለ። ሦስት ተማሪ ይለካ፣ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይመጣል፤ ሦስቱም ደግሞ አልዋሹም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከእንጨቱ አናት ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ካርቶን በአግድም ያስሩ፤ ካርቶኑ ወደ ጎን ወጣ ይበል። በወጣው ክፍል ላይ አራት ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ይብሱ። አሁን መሬት ላይ የካርቶኑ ጥላ ይወድቃል፤ በጥላው መካከል ደግሞ ክብ የብርሃን ነጠብጣብ ይታያል። ያቺ ነጠብጣብ የፀሐይ ምስል ናት። ይህን ለልጆቹ የማሳይበት መንገድ አለኝ፤ ቀዳዳውን አራት ማዕዘን አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ነጠብጣቡ ግን ያው ክብ ሆኖ ይወድቃል። ካርቶኑ ላይ ክብ ነገር የለም፤ ክብነቱ ከፀሐይ የመጣ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ወደ ቀዳዳው አንጋጠው፣ መልሰው ወደ መሬት ሲያዩ ማየት ደስ ይላል። (ወደ ቀዳዳው የሚያዩት ከጎን ነው፤ በቀዳዳው በኩል ወደ ፀሐይ ማየት ፈጽሞ አይፈቀድም።) ምልክት የሚደረገው የነጠብጣቧ መሐል ላይ ነው። የክብ መሐል ደግሞ በዓይን ግምት እንኳ በሁለት ሚሊሜትር ውስጥ ይገኛል።

ካርቶኑ ሌላም ጥቅም አለው። በቀዳዳው በኩል ቱንቢ ያውርዱ። የቱንቢው ጫፍ መሬት የሚነካበት ቦታ የመለኪያዎ መነሻ ነው። ከመነሻው እስከ ቀዳዳው ያለው ቁመት ደግሞ የእንጨቱን ቁመት ይተካል። እንዲህ ሲሆን እንጨቱ ትንሽ ቢዘም እንኳ ጉዳት የለውም፤ የሚቆጠረው ቀዳዳውና ከሥሩ ያለው ነጥብ ብቻ ነውና። ያለ ቱንቢ ግን አንድ ዲግሪ የዘመመ የአንድ ሜትር እንጨት ጫፉን ወደ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ያስታል፤ ይህም በዓይን አያስታውቅም። መሬቱን በውሃ ልክ ይፈትሹ። ሲሚንቶ ያለበት ቦታ ከተገኘ ጥሩ ነው። ካልተገኘም ደልዳላ ሳንቃ ይበቃል፤ ግን በየጊዜው በዚያው ቦታና አቅጣጫ መቀመጥ አለበት።

ቁመቱን በየልኬቱ ቀን እንደገና ይለኩ። አንድ ጊዜ አብሬያቸው የሠራሁ ክፍል ይህን አልፎት ነበር። ዝናብ ጣለ፣ እንጨቱ ሁለት ሴንቲሜትር ሰመጠ። እኛ ግን ቁመቱን 100 እያልን ቀጠልን። ግራፉ ላይ ከዚያ ቀን በኋላ ያሉት ነጥቦች ሁሉ በአንድነት ትንሽ ወደ ታች ወረዱ። አንድ ነጥብ ብቻ ቢያፈነግጥ የንባብ ስሕተት ነው፤ ከአንድ ቀን ጀምሮ ሁሉም ከተንሸራተቱ ግን መሣሪያው ተነካክቷል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ልጆቹ ራሳቸው ቢደርሱበት እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ሰዓት። «ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ለኩ» ማለት በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። የግድግዳ ሰዓት የሚሠራው ለአገር በሙሉ በተደነገገው ሰዓት ነው። የፀሐይ ቀትር ግን የየቦታው ነው፤ ወደ ምዕራብ በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ በሄዱ ቁጥር በ4 ደቂቃ ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓቱን ይተዉትና መሬት ላይ የሰሜንና የደቡብ መስመር ያስምሩ። ኮምፓስም አያስፈልግም፤ ኮምፓስ እንዲያውም የሚያሳየው የማግኔቱን ሰሜን ስለሆነ ሊያስት ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ የነጠብጣቧን መሐል ምልክት ያድርጉ። ክር ይዘው፣ ከመነሻው ነጥብ እስከዚያ ምልክት ባለው ርቀት መሬቱ ላይ ክብ ያስምሩ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ነጠብጣቧ ወደ ክቡ ውስጥ ትገባለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሳ ክቡን ታቋርጣለች። ያቋረጠችበትን ምልክት ያድርጉ። የሁለቱን ምልክቶች መካከል አግኝተው ከመነሻው ጋር በቀጥታ መስመር ያገናኙ። ያ መስመር ሰሜንና ደቡብ ነው። ደመና ጠዋት ያደረጉትን ምልክት ከንቱ እንዳያስቀርብዎት ጠዋት ላይ ሦስት አራት ምልክት ያድርጉና በየአንዳንዱ ክብ ያስምሩ፤ ከሰዓት አንዱ እንኳ ቢሠራ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ሥራው አጭር ይሆናል። በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ ሁለት ተማሪ ከቀትር አስቀድመው ይሄዳሉ። ነጠብጣቧ መስመሩን እስክታቋርጥ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ከመነሻው ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ ሰዓቱንም ይጽፋሉ። መጠበቁ አያሰለችም። ነጠብጣቧ በቀትር አካባቢ በደቂቃ አራት ሚሊሜትር ያህል ትጓዛለች፤ አጠገቧ የእርሳስ ጭረት ቢያደርጉ ስታልፈው በዓይን ይታያል። የመሬት መሽከርከር ይህን ያህል ቀርቦ የሚታይበት ሌላ ቀላል መንገድ አላውቅም።

በቀትር መስመር ላይ መለካት ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ከቀትር ወዲህም ሆነ ወዲያ ጥላው ሁልጊዜ ይረዝማል። 15 ደቂቃ ቢዘገዩ ጥፋቱ አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ሊታለፍ ይችላል። 45 ደቂቃ ሲሆን ግን ከአምስት ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። የሰዓት ስሕተት በእጥፍ ሲጨምር የጥላው ስሕተት በአራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ጥላው አጭር በሆነበት ወቅት ደግሞ ይብሳል።

አሁን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ትምህርት ቤቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ነው እንበል። የቀዳዳው ቁመት ልክ 100 ሴንቲሜትር ነው። መስከረም 13 ቀትር ላይ ነጠብጣቧ ከመነሻው በስተሰሜን 17.6 ሴንቲሜትር ላይ ትወድቃለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ መስከረም 27 ላይ 27.5 ትሆናለች። ጥቅምት 11 ላይ 37.6፣ ጥቅምት 25 ላይ 47.3፣ ኅዳር 9 ላይ 55.9፣ ኅዳር 23 ላይ 62.2፣ ታኅሣሥ 7 ላይ 65.7። ታኅሣሥ 12 አካባቢ 66 ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ መመለስ ትጀምራለች።

ቁጥሮቹን ሳያልፉ በደንብ ይዩአቸው። መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ አሥር፣ አሥር ሴንቲሜትር ይጨምራል። ከዚያ ወደ ስምንት ተኩል፣ ወደ ስድስት፣ ወደ ሦስት ተኩል ይወርዳል። ግራፉ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ቀስ እያለ የሚጎብጥ ኩርባ ነው። ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ኩርባው መጉበጥ ከመጀመሩ በፊት፣ እያንዳንዱ ተማሪ የታኅሣሥ 12ን ጥላ ገምቶ እንዲጽፍ ያድርጉ። አብዛኞቹ መስመሩን በቀጥታ ያስኬዱትና ከ80 በላይ የሆነ ቁጥር ይጽፋሉ። ወሩ ሲያልቅ እንጨቱ ይነግራቸዋል። ይህን ግምት ሳያጽፉ የተሠራ የጥላ ፕሮጀክት ግማሽ ጎኑ የጎደለ ነው ባይ ነኝ።

ከጥላ ወደ ዲግሪ መሄድ ይቀራል። ጥላውን ለቁመቱ አካፍለው በካልኩሌተር tan⁻¹ ይጫኑ። ለመስከረም 13 tan⁻¹(17.6 ÷ 100) = 10 ዲግሪ ይሆናል። ለታኅሣሥ 12 tan⁻¹(66 ÷ 100) = 33.4 ዲግሪ ይመጣል። ይህ ቁጥር ፀሐይ ከአናታችን ምን ያህል እንደራቀች ይናገራል። 7ኛ ክፍል tan አልተማረም የሚሉ ከሆነ ወረቀት ላይ አንድ አሥረኛ አድርገው ይሳሉት፤ 10 ሴንቲሜትር ቁመት፣ 6.6 ሴንቲሜትር ጥላ። ከዚያ ከላይ ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ይለኩ። እኔ ለልጆች ይህንን እመርጣለሁ፤ ሦስት ማዕዘኑን በገዛ እጃቸው ያዩታል።

የመስከረሙ 10 ዲግሪ የትምህርት ቤቱ ኬክሮስ ነው። የዚያን ቀን ፀሐይ ልክ በምድር ወገብ ላይ ስለሆነች፣ ከአናታችን የራቀችው እኛ ከወገቡ የራቅነውን ያህል ነው። የታኅሣሡ ከመስከረሙ ሲቀነስ 33.4 − 10 = 23.4። የመሬት ማዘንበል ይህ ነው። በልኬቱ ላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ብትሳሳቱ መልሱ ላይ የሚመጣው ለውጥ ሩብ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። መልሱ 20 ወይም 27 ከሆነ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ መጀመሪያ የመሬቱን ልክነት፣ ቀጥሎ ቁመቱን ይፈትሹ።

የሁለተኛውን ሴሚስተር ለሚመርጥ አንድ ወጥመድ አለ። በዚያው 10 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ ከመጋቢት 11 ጀምሮ ጥላው እያጠረ ይሄዳል። ሚያዝያ 8 አካባቢ ቀትር ላይ ጭራሽ ይጠፋል፤ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ናት። ከዚያ በኋላ በደቡብ በኩል ብቅ ይልና ያድጋል። ሰኔ 14 ላይ ወደ ደቡብ 23.8 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ተማሪዎች ርዝመቱን ብቻ ከጻፉ ግራፋቸው ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ ፀሐይ መንገዷን ቀይራ የተመለሰች ይመስላል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የወደቀው በፕላስ፣ ወደ ደቡብ የወደቀው በማይነስ ይጻፍ። ያኔ ግራፉ ዜሮን ሰንጥቆ በአንድ አቅጣጫ ይቀጥላል። ሰኔ 14 ላይ ማዕዘኑ ማይነስ 13.4 ነው፤ ከ10 እስከ ማይነስ 13.4 ያለው ርቀት ያው 23.4 ይሆናል። ኬክሮሱ ከ23.4 በላይ የሆነ ቦታ ላይ ግን ጥላው ፈጽሞ ጎን አይቀይርም። በ40 ዲግሪ ሰሜን ለምሳሌ ያው አንድ ሜትር እንጨት መስከረም ላይ 84፣ ታኅሣሥ ላይ 200 ሴንቲሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ ሁሉም ወደ ሰሜን።

የጻፉትን ሰዓት አይጣሉት። ነጠብጣቧ መስመሩን መስከረም 13 ላይ በ6 ሰዓት ከ20 ካቋረጠች፣ ጥቅምት 25 ላይ በ6 ሰዓት ከ11 ገደማ ታቋርጣለች። ታኅሣሥ 12 ላይ ደግሞ ወደ 6 ሰዓት ከ26 ትመለሳለች። ተማሪ «ሰዓቴ ተበላሽቷል» ብሎ ይመጣል። አልተበላሸም። መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ትንሽ ሞላላ ነው፣ ፍጥነቷም ይለዋወጣል። ማዘንበሏም ይጨመርበታል። በሁለቱ ምክንያት የፀሐይ ቀትር ከሰዓታችን አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። መርሐ ግብር አልመች ብሎ በቀትር መውጣት ካልቻላችሁ ይህንኑ ፕሮጀክት ማድረግ ትችላላችሁ፦ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ደቂቃው ሳይዛነፍ ምልክት ማድረግ። በዓመት ምልክቶቹ የ8 ቅርጽ ይሠራሉ፤ በአንድ ሴሚስተር ግማሽ ያህሉ ይታያል።

ጨረቃዋ ዘንድ ደረስን። ባለፈው ዓመት ከመጽሐፍ የተገለበጡት ሥዕሎች የመጡት ልጆቹ ስለሰነፉ ብቻ አይመስለኝም። «ቅርጹን ሣል» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ሳያዩ የሚሠራ ነው። የጨረቃን ቅርጾች ሁሉም ያውቃቸዋል። ስለዚህ ከቅርጹ ይልቅ ቦታውን ይጠይቁ፤ ጨረቃ ከፀሐይ ምን ያህል ራቀች? ይህን ወጥቶ ያላየ አይመልሰውም።

መለኪያው እጅ ነው። ክንድ ተዘርግቶ ጭብጥ ሲደረግ፣ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው አሥር ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የልጅ ክንድም እጅም አብረው ስለሚያንሱ ለልጅም ይሠራል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ ይፈትሽ። ከአድማስ ጀምሮ ጭብጥ በጭብጥ ላይ እየደረበ እስከ አናቱ ይቁጠር። ዘጠኝ ከመጣ ትክክል ነው። አሥር ከመጣ የእሱ ጭብጥ 9 ዲግሪ ነው፤ ደብተሩ ላይ ይጻፈው።

ከዚያ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ከጠለቀችበት ቦታ ተነሥቶ በሰማዩ ላይ እስከ ጨረቃ ድረስ ስንት ጭብጥ እንዳለ ይቁጠር። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ሳለች አይጀምር። ጨረቃ ከተወለደች በሦስተኛው ቀን ሦስት ተኩል ያህል ይመጣል። በአምስተኛው ቀን ስድስት፣ በሰባተኛው ስምንት ተኩል። በቀን አንድ ጭብጥና ከዚያ ትንሽ ይላል። በዘጠኝ ጭብጥ ላይ ልክ ግማሽ ሆና ትታያለች፤ በስድስት ላይ ሩቧ ብቻ በርቷል፤ በ12 ላይ ሦስት ሩቧ። ቅርጹና ርቀቱ አብረው እንደሚሄዱ ልጁ ከገዛ ቁጥሩ ያነበዋል። ከግማሽ በኋላ ጭብጥ መቁጠር እየከበደ፣ ስሕተቱም እየበዛ ይሄዳል፤ እስከ 12 ከደረሱ ይበቃቸዋል።

ለወሩ ርዝመት ደግሞ ሌላ መንገድ ይያዙ። ጨረቃ ግማሽ የሆነችበትን ምሽት ይመዝግቡ። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ግማሽ ጨረቃ ያሉትን ቀኖች ይቁጠሩና ለሦስት ያካፍሉ። 88 ወይም 89 ቢያገኙ 29.5 አካባቢ ይመጣል። በአንድ ወር ብቻ ቢቆጥሩ አንድ ቀን መሳሳት መልሱን በአንድ ቀን ያዛባል። በሦስት ወር ግን ያው ስሕተት ለሦስት ይከፋፈላል።

አንድ ነገር ግን በክፍል ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ያድርጉልኝ። ጨረቃ ስድስት ሰባት ቀን ሲሆናት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በምሥራቅ በኩል ነጣ ብላ ትታያለች። ልጆቹን አውጥተው ነጭ ኳስ በእንጨት ጫፍ ሰክተው ያስይዟቸው። ኳሱን በጨረቃ አቅጣጫ፣ አጠገቧ እስኪታይ ያንሡት። ፀሐይ ኳሱን ታበራዋለች። የበራው ጎን ልክ የጨረቃዋን ያህል፣ በዚያው አቅጣጫ ይሆናል፤ ሰማይ ላይ ግማሽ ጨረቃ፣ እንጨት ላይ ግማሽ ኳስ። ብዙ ልጅ፣ ብዙ አዋቂም፣ የጨረቃ ጨለማ ክፍል የመሬት ጥላ ይመስለዋል። በዚያች ቅጽበት ፀሐይ በአንድ ጎን፣ ጨረቃ በሌላ ጎን ናት፤ መሬት ከእግራችን ሥር እንጂ በመካከላቸው አይደለችም። የኳሱን ጨለማ ደግሞ መሬት እንዳልጣለችበት በዓይናቸው ያዩታል። የመሬት ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው በግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው።

ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ጨረቃ በምሽት ዘግይታ ስለምትወጣ ምዝገባው ወደ ጠዋት ይዛወር። 22 ቀን ሲሆናት ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ በምዕራቡ ሰማይ ላይ ናት። ብዙዎቹ ጨረቃን በጠዋት መፈለግ ትዝ ብሏቸው አያውቅም። በጠፍ ጨረቃ ቀኖች ደግሞ «አልታየችም» ተብሎ ይጻፍ፤ ደመና ከሆነም «ደመና»። ባዶ ቦታ መሙላት ግዴታ የመሰለው ልጅ ነው የሚገለብጠው።

የተፈጠረ መረጃን ለመለየት ሰዓቱን ይዩ። «እየሞላች ያለች ግማሽ ጨረቃ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብሎ ከመጣ አላያትም፤ በዚያ ሰዓት ገና አልወጣችም። «ቀጭን አዲስ ጨረቃ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት» ካለም ያው ነው፤ የሦስት ቀን ጨረቃ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ቆይታ ትጠልቃለች። ልጁን ከመቆጣት ይልቅ ኳሱን አስይዘው እንዲህ ያለች ጨረቃ የት ልትሆን እንደምትችል ይጠይቁት።

በመጨረሻ ሁለቱን ሥራዎች የምታገናኝ አንድ ሌሊት አለች። ከታኅሣሥ 12 አጠገብ የምትውለውን ሙሉ ጨረቃ ይምረጡ። ተማሪዎቹ ከወላጅ ጋር ሆነው፣ መብራት በሌለበት ግቢ አንድ ሜትር እንጨት ያቁሙ። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ትይዩ ስለሆነች እኩለ ሌሊት አካባቢ ከፍታዋ ላይ ትደርሳለች። ጥላዋ ደብዛዛ ቢሆንም በደንብ ይታያል። በ10 ዲግሪ ሰሜን፣ ያን ሰሞን የቀትር ፀሐይ 66 ሴንቲሜትር ጥላ ወደ ሰሜን ትጥላለች። ጨረቃዋ ግን ከ15 እስከ 33 ሴንቲሜትር የሚሆን አጭር ጥላ ወደ ደቡብ ትጥላለች፤ መንገዷ ከፀሐይ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ልኩ ከዓመት ዓመት ይለያያል። አሁን የሁለተኛውን ሴሚስተር ቁጥር ያስታውሱ። የሰኔ 14 የቀትር ፀሐይ ጥላ ወደ ደቡብ 23.8 ነበር። የታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ የምትሄደው በሰኔ ፀሐይ መንገድ አጠገብ ነው። ልጆቹ ጠዋት ተመልሰው ቁጥሩን ሲነግሩዎት «ጥላው ለምን ወደ ደቡብ ሄደ?» ብለው ይጠይቋቸውና ኳሱን እንደገና ያውጡት።